ጥፋተኛ ወይስ ነፃ? ስለ ፍርድ ቤት ውሳኔና ስለ ማስረዳት ሸክም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኢትዮጵያን የወንጀል ችሎት በተመለከተ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

የማስረዳት ሸክም ሲባል ምን ማለት ነው?

ባጭሩ፣ "ይህ ነገር ተፈጽሟል" የሚል ሰው ማስረጃውን ይዞ መምጣት ያለበት ራሱ ነው። በወንጀል ጉዳይ "ተፈጽሟል" ባዩ ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለዚህ ማስረጃ ማቅረቡም ዳኛውን ማሳመኑም የእሱ ሥራ ነው። ተከሳሹ ንጹሕ መሆኑን እንዲያረጋግጥ አይጠየቅም። መሠረቱ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። የተከሰሰ ሰው ፍርዱ እስኪሰጥ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር፣ በራሱ ላይም እንዲመሰክር እንዳይገደድ ይላል።

የሸክሙ ትርጉም ደምቆ የሚታየው ግን ማስረጃው ሁሉ ተሰምቶ ዳኛው እውነቱ የቱ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን ሲያቅተው ነው። እንዲህ ሲሆን ማን ይሸነፋል? ሸክሙ ያለበት ወገን። በወንጀል ችሎት "አላወቅንም" ማለት "ነፃ" ማለት ነው፤ ለዐቃቤ ሕግ እኩል ለእኩል መውጣት መሸነፍ ነው።

ዐቃቤ ሕግ በትክክል ምኑን ነው ማስረዳት ያለበት?

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 መሠረት አንድ ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ መኖር አለበት፣ ድርጊቱ መፈጸም አለበት፣ ሰውየው ደግሞ አስቦ ወይም ሕጉ በሚቀጣው ቸልተኝነት ያደረገው መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም።

ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ጉዳይ እንፍጠርና እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሂድ። አንዲት ሴት ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ትሄዳለች። አራት ኪሎ ላይ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ወረደ። ፒያሳ ደርሳ ቦርሳዋን ስትከፍት ስልኳ የለም። ከሁለት ቀን በኋላ ፖሊስ ስልኩን ከዚያው ልጅ እጅ ያገኘዋል። በአንቀጽ 665 በስርቆት ተከሰሰ እንበል። ዐቃቤ ሕጉ ስልኩ የእሷ መሆኑን፣ የወሰደው ይህ ልጅ መሆኑን፣ የወሰደውም ሊያስቀረው ፈልጎ መሆኑን ማሳየት አለበት። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ስልኩ ላይ *#06# ሲደወል ከሚወጣው ጋር ይመሳከራል፣ አለቀ። የሚያጣላው ሁለተኛው ነው። ስልኩን ይዞ መገኘት አንድ ነገር ነው፣ መስረቅ ሌላ።

የሚወስነው ማን ነው? እኛ ጋ ጁሪ የለም እንዴ?

የለም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የለመዱት አሥራ ሁለት ተራ ሰው ተቀምጦ "ጥፋተኛ" ወይም "ጥፋተኛ አይደለም" የሚልበት አሠራር ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ማስረጃውን የሚመዝነውም ሕጉን የሚተረጉመውም ዳኛው ነው። እንደ ፍርድ ቤቱና እንደ ጉዳዩ አንድ ዳኛ ወይም ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ። ሦስት ሲሆኑ የሁለቱ ድምፅ ይበቃል፤ ያልተስማማው ዳኛ የሐሳብ ልዩነቱን ከፍርዱ ሥር ያሰፍራል።

የዚህ ጥቅሙ ዳኛው ምክንያቱን መጻፍ ያለበት መሆኑ ነው። ጁሪ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ አይናገርም። እኛ ጋ ግን የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ዳኛው የትኛውን ማስረጃ ለምን እንደተቀበለና የትኛውን ለምን እንደጣለ በፍርዱ ላይ እንዲያሳይ ያዛል። የፍርድ ግልባጭ እጃችሁ ሲገባ ከውሳኔው በፊት ይህን ክፍል አንብቡ። ይግባኝ የሚያስኬድ ነገር ካለ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ክሱ ሲነበብ "አድርጌዋለሁ፣ ግን…" ብሎ መመለስ ምን ያስከትላል?

ያቺ "ግን" ትልቅ ናት። ክሱ ተነቦ ተከሳሹ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የእምነት ክህደት ቃል ይባላል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 134 መሠረት ፍርድ ቤቱ ሌላ ማስረጃ ሳይሰማ ጥፋተኛ ሊል የሚችለው ተከሳሹ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች ሁሉ ያለምንም ገደብ ሲያምን ነው። ያኔም ቢሆን ዳኛው ከፈለገ ዐቃቤ ሕጉን ማስረጃህን አሰማ ሊለው ይችላል።

የእኛ ልጅ "ስልኩን ወስጃለሁ፣ ግን ወንበሩ ላይ ሳገኘው የራሴ መስሎኝ ነው" ቢል መውሰዱን አመነ፣ ሐሳቡን ግን ካደ። ይህ ሙሉ እምነት አይደለም፤ ክህደት ተብሎ ተመዝግቦ ማስረጃው መሰማት አለበት። ችግሩ ሰው ሲደነግጥ ወይም ቶሎ ልውጣ ብሎ ሲቸኩል "አዎ አድርጌዋለሁ" ብሎ ይቀመጣል። ግኑ ሳይነገር ይቀራል፣ ሳይጻፍም ይቀራል። ጠበቃ ማቆም ያልቻለ ሰው ቢያንስ ክሱን ቃል በቃል እንዲያነቡለትና እንዲያብራሩለት ይጠይቅ። ቋንቋውን የማያውቅ ከሆነም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው።

ሲሰርቅ ያየ ሰው ከሌለ እንዴት ጥፋተኛ ይባላል? ደግሞስ ስንት ምስክር ያስፈልጋል?

ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ያስፈልጋል የሚለው ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው፣ ብዙ ሰውም ዛሬ ድረስ ሕጉ እንደዚያ ይመስለዋል። በወንጀል ችሎት የምስክር ቁጥር የለም። አንድ የታመነ ምስክር ሊያስቀጣ ይችላል። አምስት ቀርበው ሁሉም "ከእገሌ ሰማሁ" የሚሉ ከሆኑ ደግሞ ዋጋቸው እምብዛም ነው።

ዓይን ያላየውንም ነገር በአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ ማስረዳት ይቻላል። እንግዲህ ወደ ታክሲያችን እንመለስ። ረዳቱ ምስክር ሆኖ ቀረበ። በዋና ጥያቄ "ልጁ አጠገቧ ነበር፣ አራት ኪሎ ላይ ተጣድፎ ወረደ" አለ። ከዚያ የተከሳሹ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ተነሳ፦

"ከቦርሳዋ ሲያወጣ አይተሃል?"
"አላየሁም።"
"አራት ኪሎ ላይ ሌላ ሰው አልወረደም?"
"ወርዷል። ሦስት አራት ይሆናሉ።"
"ከእነሱ ውስጥ ያልተጣደፈ ነበር?"
"ታክሲ ላይ ማን ይረጋጋል…"

ልብ በሉ፣ ጠበቃው መልሱን ወደፈለገበት እየመራ ነው የሚጠይቀው። መሪ ጥያቄ በመስቀለኛ ይፈቀዳል። ዐቃቤ ሕጉ የራሱን ምስክር "ተጣድፎ ነው የወረደው አይደል?" ብሎ ቢጠይቅ ግን ተቃውሞ ይነሳበታል። ከዚህ በኋላ ረዳቱ ስለ ጥድፊያው ያለው ነገር ሚዛኑ ቀለለ። በአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ ሰው ጥፋተኛ የሚባለው ነገሮቹ ተያይዘው ወደዚያ ሰው ብቻ ሲያመለክቱ ነው። ሌላ አሳማኝ መንገድ ክፍት ከሆነ አይበቃም። እዚህ ጋ አሁን ዋናው ክብደት የቀረው ስልኩ በሁለተኛው ቀን እጁ ላይ መገኘቱ ነው።

"ይከላከል" ተባለ፤ አለቀለት ማለት ነው?

አይደለም፣ ቤተሰብ በጣም የሚደናገጠው ግን እዚህ ላይ ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያልቅ ፍርድ ቤቱ ቆም ብሎ አንድ ጥያቄ ያነሳል። ተከሳሹ ምንም መልስ ባይሰጥበት ይህ ማስረጃ ብቻውን ጥፋተኛ ያስብለዋል ወይ? መልሱ "አያስብልም" ከሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት ተከሳሹ መከላከያ ሳያስፈልገው እዚያው በነፃ ይሰናበታል። "ያስብላል" ከሆነ በአንቀጽ 142 "ይከላከል" የሚል ብይን ይሰጣል። ብይን ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ጥፋተኛ ነህ አላለውም፤ መልስ የሚያስፈልገው ነገር አለ ነው ያለው።

በእኛ ጉዳይ ብይኑ ይከላከል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፣ ስልኩ እጁ ላይ ተገኘ፣ ማብራሪያ የለም። አሁን ተራው የልጁ ነው። ራሱ ቃል መስጠት ይችላል፤ ከሰጠ ከምስክሮቹ በፊት ይናገራል። በዚህ ቃሉ ላይ ዐቃቤ ሕጉ መስቀለኛ ጥያቄ አያቀርብለትም፤ ዳኛው ብቻ ግልጽ ያልሆነውን ሊጠይቀው ይችላል። ልጁ "ስልኩን በማግሥቱ መርካቶ መንገድ ላይ ከሚያዞር ልጅ ገዛሁት" አለ። አብሮት የነበረ ጓደኛውን መከላከያ ምስክር አድርጎ አቀረበ። ጓደኛው ቦታውን፣ ሰዓቱንና የተከፈለውን ብር ተናገረ፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈተንም ነገሩ ከልጁ ቃል ጋር አልተጋጨም።

ከዚህ በኋላ ዳኛው ማድረግ ያለበት የሁለቱንም ወገን ማስረጃ አንድ ላይ አድርጎ እንደገና ከሥሩ መመዘን ነው። ልጁ መግዛቱን በእርግጠኝነት ማሳየት አይጠበቅበትም። የመግዛቱ ነገር ሊሆን የሚችል፣ ትርጉም ያለው ጥርጣሬ ከፈጠረ በስርቆቱ ነፃ መባል አለበት። (የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ መግዛት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እሱ ግን ሌላ ክስ ነው።)

እዚህ ላይ የግሌን ልናገር። በብዙ ፍርዶች ላይ "ተከሳሹ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ስላላስተባበለ ጥፋተኛ ነው" የምትል ዓረፍተ ነገር ትገኛለች። ምንም የማትመስል ግን አደገኛ ናት። ከይከላከል ብይኑ በኋላ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ ወደ ተከሳሹ የዞረ ታስመስላለች። አልዞረም። ተከሳሹ አለማስተባበሉ ብቻ ሳይሆን የዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ከሁሉም በኋላ ቆሞ መገኘቱ ነው መጻፍ ያለበት። ጠበቆች በይግባኝ ቅሬታቸው ላይ ይህችን ዓረፍተ ነገር እየፈለጉ ቢያጠቋት አይፈረድባቸውም።

"ከጥርጣሬ በላይ" የሚባለው መቶ በመቶ ማለት ነው?

አይደለም። በነገራችን ላይ የ1954ቱን የሥነ ሥርዓት ሕግ ገጽ በገጽ ብታገላብጡ ይህን መለኪያ በዚህ ስም ተጽፎ አታገኙትም። በችሎት ልማድና በፍርዶች የሚሠራበት ነው። የሚፈለገው ከማስረጃው የሚመነጭ፣ ምክንያቱ ሊነገር የሚችል ጥርጣሬ አለመኖሩ ነው። "ምናልባት ስልኩ ራሱ ኪሱ ውስጥ ወድቆ ይሆናል" ጥርጣሬ አይባልም፤ ማንም ያልመሰከረው ግምት ነው። "ሌሎች ሦስት ሰዎችም እዚያው ወርደዋል፣ ግዢውንም ያየ ሰው አለ" ግን ጥርጣሬ ነው፤ ከመዝገቡ ውስጥ በጣት እየጠቆሙ ሊያሳዩት ይቻላል።

ዳኛው "ይህ ልጅ ሰርቆታል ብዬ ልቤ ያምናል" ማለቱም አይበቃም። ልብ ያመነውን መዝገቡ ካልደገፈው ውሳኔው ነፃ ነው። ለተበዳይዋ መራራ ነው፣ ግን መለኪያው እሱ ነው።

ዝም ብልስ? መናገር ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። ከተያዝክባት ሰዓት ጀምሮ ዝም የማለት መብት አለህ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የሚለው ይህንን ነው። ችሎት ላይም ራስህ ላይ እንድትመሰክር አትገደድም። ዝም ማለትህ ብቻውን የጥፋት ማስረጃ አይሆንም።

ግን መብትና ብልሃት አንድ አይደሉም። የዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ደካማ ሲሆን ዝምታ ያዋጣል፣ አንዳንዴም ከሁሉ የተሻለው መከላከያ እሱ ነው። የይከላከል ብይን ከተሰጠ በኋላ ግን ፍርድ ቤቱ ይህ ማስረጃ መልስ ካላገኘ ጥፋተኛ ያስብላል ብሎ አስቀድሞ ነግሮሃል። እዚያ ላይ ዝም የሚል ሰው የሚጠብቀውን ያውቃል።

ፖሊስ ጣቢያ ያመንኩት ቃል ይይዘኛል?

ሁለት ዓይነት ቃል አለ፣ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት ለመርማሪ ፖሊስ የሚሰጠው ነው። ሌላው በአንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በፈቃዱ መሆኑ ተጠይቆ፣ በዳኛ ፊት የሚመዘገበው ነው። ሁለተኛው ክብደቱ ብዙ ነው፤ "አልተናገርኩም" ወይም "ተገድጄ ነው" ለማለት ያስቸግራል። የመጀመሪያውም ቢሆን በማስረጃነት ስለሚቀርብ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት የተጻፈውን አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ያስነብብ።

ተገድዶ የተሰጠ ቃል ግን ተቀባይነት የለውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ በግልጽ ይከለክለዋል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉም መርማሪው በማስፈራራትም ሆነ በማባበል ቃል እንዳይቀበል ያዛል። የተግባሩ ችግር መገደድን ማሳየቱ ነው። የሚረዳው ነገር ጊዜ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ለመጓጓዣ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር። እዚያው የመጀመሪያ ቀጠሮ ላይ ለዳኛው መናገር፣ ጉዳት ካለ ሕክምና እንዲታይና መዝገብ ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ ነው። ከስድስት ወር በኋላ በመከላከያ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ዳኛውን ማሳመን ይከብዳል።

ዋስትና ተከለከለ። ዳኛው ጥፋተኛ ነው ብሎ አስቧል ማለት ነው?

አይደለም። ዋስትና የሚታየው በሌላ ሚዛን ነው። ጥያቄው ሰውየው አድርጎታል ወይ ሳይሆን ከተለቀቀ ይመለሳል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ወይ ነው። አንዳንድ ክሶች ደግሞ ሕጉ ራሱ ዋስትና ይነሳቸዋል። ለምሳሌ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ የተጎዳው ሰው ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ። እንዲህ ያለ ተከሳሽ ታስሮ ይከራከራል፤ በመጨረሻ ነፃ የሚወጣም አለ።

በውንብድና ተከስሶ በስርቆት ጥፋተኛ ሊባል ይችላል?

ይችላል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ያለው ነው። በክሱ ላይ የተጠቀሰው ከባዱ ወንጀል ሳይረጋገጥ ቢቀርና በማስረጃው ግን ቀለል ያለው ወንጀል ከተረጋገጠ፣ ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ዝቅ አድርጎ ጥፋተኛ ማለት ይችላል። ስልኩን ነጥቆ ሲወስድ ኃይል ተጠቅሟል ተብሎ ቢከሰስና ኃይሉ ባይረጋገጥ፣ መውሰዱ ከተረጋገጠ ስርቆቱ ይቀራል። ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ግን አይቻልም፤ ሰው ባልተከሰሰበት ከባድ ወንጀል ጥፋተኛ አይባልም።

ሸክሙ ወደ ተከሳሹ የሚዞርበት ጉዳይ የለም?

አለ፣ በጣም የሚታወቀውም ሙስና ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 "ምንጩ ያልታወቀ ንብረትና ገንዘብ መያዝ" የሚለውን ወንጀል ይዟል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ወይም የነበረ ሰው ኑሮው ወይም ንብረቱ ከሕጋዊ ገቢው ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ከየት እንዳመጣው የሚያስረዳው እሱ ነው። የወር ደመወዙ 12 ሺህ ብር የሆነ ሰው በስሙ የ15 ሚሊዮን ብር ቤት ተገኘ እንበል። ውርስ ነው፣ የባለቤቴ ንግድ ነው፣ ወንድሜ ከውጭ የላከው ነው ሊል ይችላል። ግን ወረቀቱን ማምጣት ያለበት ራሱ ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ባሉ መዝገቦች ላይ የውርስ ማረጋገጫና የባንክ ሐዋላ ደረሰኝ ሲተራመስ የሚታየው።

ይህ ሲባል ዐቃቤ ሕጉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ሰውየው የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን፣ ገቢው ስንት እንደሆነ፣ ንብረቱ የእሱ መሆኑንና ዋጋውን መጀመሪያ ማስረዳት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ተከሳሹ ምንም እንዲያብራራ አይገደድም። በሌሎች የሙስና ክሶችም ዐቃቤ ሕጉ ድርጊቱን ካስረዳ፣ የማይገባ ጥቅም የማግኘት ሐሳብ እንደነበረ ይገመታል፤ ተከሳሹ ግምቱን ማፍረስ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ግምት ከአንቀጽ 20 ጋር ይጋጫል አይጋጭም የሚለው የሕግ ሰዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። እኔ ግምት የሚወሰደው ተከሳሹ ብቻ ሊያውቀው በሚችለው ነገር ላይ እስከሆነ ድረስ ያስኬዳል ባይ ነኝ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ያስፈራል።

ያበደርኩትን ገንዘብ ክዶኝ ከሰስኩት፤ ለምን እኔን አስረዳ ይሉኛል?

ምክንያቱም እዚህ ከሳሹ አንተ ነህ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2001 ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል። ሚዛኑ ግን ከወንጀሉ የቀለለ ነው። ጥርጣሬን ሁሉ ማጥፋት አይጠበቅብህም፤ ከተከሳሹ የተሻለ፣ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል። አበደርኩ ካልክ ብድሩን አንተ፣ ከፈልኩ ካለ መክፈሉን እሱ ያስረዳል።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አንቀጽ 2472 ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው። 500 ብር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ምሳ ተጋብዞ መልስ የማይገኝበት ነው፣ ቁጥሩ ግን እዚያው አለ። ስለዚህ ሃምሳ ሺህ ብር በሦስት ጎረቤት ፊት ቆጥሮ የሰጠ ሰው ሦስቱንም አቅርቦ ሊሸነፍ ይችላል።

በነፃ ተሰናበተ ማለት አላደረገም ማለት ነው? ካሣስ ሊጠየቅ አይችልም?

ነፃ ማለት "ዐቃቤ ሕግ አላስረዳም" ማለት ነው። አንዳንዴ ሰውየው በእርግጥ አላደረገውም። አንዳንዴ ምስክሩ ፈርቶ ወይም አገር ለቅቆ ሳይቀርብ ቀርቷል። ፍርዱ እነዚህን እንዲለይ አይጠበቅም። ለሰውየው መብት ግን ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ስለዚህ ነው በወንጀል ነፃ የወጣ ሰው በፍትሐ ብሔር ካሣ ሊከፍል የሚችለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የካሣ ጥያቄ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎቱ የነፃ ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል። አሜሪካ ላይ የኦ. ጄ. ሲምፕሰን ጉዳይ እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 በነፍስ ግድያ ክስ ነፃ ተባለ፤ በየካቲት 1997 በፍትሐ ብሔር ሌላ ጁሪ ለሟቾቹ ሞት ኃላፊ ነው ብሎ በድምሩ 33.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረደበት። አንዱ ፍርድ ሌላውን አልሻረም። ሚዛናቸው የተለያየ ነው።

ነፃ ከወጣሁ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ሊል ይችላል?

እኛ ጋ ይችላል። አሜሪካ ጁሪው "ጥፋተኛ አይደለም" ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ዐቃቤ ሕጉ በነፃ መሰናበቱ ላይም፣ ቅጣቱ አንሷል ብሎም ይግባኝ ማለት ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 አንድ ሰው በመጨረሻ ፍርድ ጥፋተኛ ወይም ነፃ በተባለበት ወንጀል እንደገና አይከሰስም ሲል ይግባኙን አይከለክልም። ይግባኝ የዚያው ክርክር ቀጣይ እንጂ አዲስ ክስ አይደለም።

የጊዜ ገደቡ ለሁለቱም ወገን ያው ነው። ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚባል ማስታወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ማስገባት ነው። በአንቀጽ 141 ያለ መከላከያ ነፃ የተባለ ሰው ይግባኝ ቢቀርብበትና የበላዩ ፍርድ ቤት "መከላከል ነበረበት" ቢል፣ በዚያው ጥፋተኛ ማለት አይገባውም። ሰውየው እኮ ገና አልተሰማም! መዝገቡ መከላከያውን እንዲያሰማ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ነፃ ተባልኩ ብሎ መከላከያ ምስክሩን የሚረሳ ሰው አይጠፋም፤ የሰውየውን ስልክ ቁጥር ግን የይግባኙ ጊዜ እስኪያልፍ ባይጥለው ጥሩ ነው።